ምልዓተ ጉባኤው ስንት ይሁን? ስለ ቋሚ ኮሚቴ ቢጋር አረቃቀቅ

«ጋሼ፣ ጅማ ውስጥ በአንድ የቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን በአስተዳደር ባለሙያነት ከተቀጠርኩ አራት ወሬ ነው። ሥራ አስኪያጁ አዲስ ለሚቋቋመው የቡና ጥራት ቋሚ ኮሚቴ ተግባሩንና አሠራሩን የሚደነግግ ቢጋር አዘጋጂ ብለውኝ ከሌላ መሥሪያ ቤት የመጣ ናሙና ሰጡኝ። አባላቱ 9 ናቸው፤ 5 ከመሠረታዊ ማኅበራት፣ 4 ከዩኒየኑ። በናሙናው ምልዓተ ጉባኤ ‹50 ሲደመር 1› ይላል። ስሙን ብቻ ቀይሬ ባቀርበው ምን ችግር አለው?»

እህቴ፣ ችግሩ ራስሽ ከናሙናው በጠቀስሽው ሐረግ ውስጥ አለ። የ9 ሰው 50 በመቶ አራት ተኩል ነው። አንድ ሲጨመርበት አምስት ተኩል ይሆናል። ግማሽ ሰው ስለሌለ አንዱ «አምስት ይበቃል» ይላል፣ ሌላው «አይ፣ ስድስት መሆን አለበት» ይላል። ሁለቱም ወረቀቱን ይዘው ነው የሚከራከሩት። ክርክሩ ደግሞ የሚነሳው ውሳኔው ያልጣመው ሰው ሲገኝ ነው። «ከአባላቱ ከግማሽ በላይ» ብትዪ አምስት መሆኑ ያልቅለታል፤ «ቢያንስ አምስት አባላት» ብትዪ ደግሞ የሚያሰላም አይኖርም። ትንሽ ኮሚቴ ላይ እኔ ሁልጊዜ ቁጥሩን እጽፋለሁ።

ቁጥሩን ስትጽፊ ግን ከምን ላይ እንደሚቆጠርም ጻፊ። ሁለት ማኅበራት ተወካይ ሳይልኩ ቢቆዩ በሥራ ላይ ያሉት ሰባት ይሆናሉ። ከግማሽ በላይ የሚባለው ከዘጠኙ ወንበር ከሆነ አምስት ነው፣ ካሉት ሰባት ከሆነ አራት። የእኔ ምክር ከዘጠኙ እንዲቆጠር ነው፤ አለዚያ ሰው በጎደለ ቁጥር መመዘኛውም አብሮ ይወርዳል።

ቀጥሎ የድምፁን ሂሳብ ሥሪ። አምስት ሰው ተገኝቶ ውሳኔ «በተገኙት አብላጫ ድምፅ» የሚያልፍ ከሆነ ሦስት ሰው ዘጠኙን አስሮ ይወስናል ማለት ነው። ለተራ ጉዳይ ይህ ምንም አይደል። የአንድ ማኅበር ቡና ከደረጃ ዝቅ እንዲል ሐሳብ ለማቅረብ ግን ሦስት ድምፅ ትንሽ ነው። ለእንዲህ ያለው ጉዳይ «ቢያንስ አምስት የድጋፍ ድምፅ» የሚል የተለየ አንቀጽ ይኑርሽ።

አሁን የምነግርሽ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ከዓመታት በፊት የአንድ ኮሚቴ ጸሐፊ ሆኜ ሠርቻለሁ፤ ዘጠኝ አባላት ነበርን። አንድ ቀን ልክ አምስት ሆነን ተቀመጥን፣ ስሞቹን በቃለ ጉባኤው አናት ላይ ጻፍኩ። ሦስተኛው አጀንዳ የአንዱን አባል ማኅበር የሚመለከት ስለነበር ሰውየው በአግባቡ ከአዳራሹ ወጣ። አራታችን ድምፅ ሰጠን፣ ፈረምን፣ ተበተንን። ማኅበሩ ቅሬታ ሲያቀርብ የተጠየቅነው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «ድምፅ ሲሰጥ ስንት ሰው ነበር?» ቢጋሩ የጥቅም ግጭት ያለበት ሰው ይውጣ ይል ነበር እንጂ ሲወጣ ከምልዓተ ጉባኤው ይጎድላል ወይስ አይጎድልም የሚል ነገር አልነበረውም። ውሳኔው ወደቀ፤ የወር ሥራችንም አብሮት ሄደ። ያ ቀን እስካሁን ይቆጨኛል። ስለዚህ አንቺ እንዲህ ብለሽ ጻፊ፦ «ምልዓተ ጉባኤ በስብሰባው መክፈቻ ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱ ውሳኔ ሲሰጥ መሟላት አለበት። ጉዳዩ የሚመለከተው አባል ከውይይቱም ከድምፁም ይገለላል፣ በዚያ አጀንዳም አይቆጠርም።» በእናንተ ኮሚቴ አምስቱ የማኅበራት ተወካዮች ስለሆኑ ይህ በየጊዜው ይገጥማችኋል። አንዱ ሲገለል ምልዓተ ጉባኤው እንዳይጎድል የሌሎቹ ማኅበራት ወንበር ባዶ መሆን የለበትም፤ ለዚህ መድኃኒቱ ተለዋጭ አባል ነው። እያንዳንዱ ማኅበር አንድ ዋና እና አንድ ተለዋጭ ተወካይ በደብዳቤ ያሳውቅ። ተለዋጩ ዋናው ሲቀር ድምፅ ኖሮት ይቀመጥ፤ በደብዳቤው ያልተጠቀሰ ሰው ግን ቢመጣም ታዛቢ ነው። ይህን ካልጻፍሽ በየስብሰባው አዲስ ፊት ይመጣል፣ ያለፈው ውሳኔ እንደገና ከሥሩ ይከፈታል።

ከዩኒየኑ የሚገቡትን አራቱን ደግሞ በስም ሳይሆን በሥራ መደብ ጻፊ፤ «የጥራት ክፍል ኃላፊ» በዪ። ሰው ሲዛወር ቢጋሩ አያረጅም።

ቁጥሩን በግምት አትወስኚ። ጅማ ላይ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ እሸት የሚለቀምበት፣ ጀንፈል አልጋ ላይ የሚገለበጥበት ጊዜ ነው፤ ከጎማ ወይም ከጌራ የሚመጣ ተወካይ በኅዳር ስብሰባ ቢቀር አይፈረድበትም። መዝገብ ቤት ሄደሽ ያለፈውን ዓመት ቃለ ጉባኤዎች አውጪ፣ የማኅበራት ተወካዮች በተጠሩባቸው የኅዳርና የታኅሣሥ ስብሰባዎች ስንቱ እንደተገኙ ቁጠሪ። ከአምስቱ በአማካይ ሁለት ብቻ ከመጡ፣ አራቱ የዩኒየን ሰዎች ሲጨመሩ ስድስት ይሆናሉ፤ አምስት ይበቃል። ነገር ግን ሌላ ነገር ይታይሻል፦ አራቱ የዩኒየን ሰዎችና አንድ ተወካይ ብቻቸውን ምልዓተ ጉባኤ ሊሞሉ ይችላሉ። ገበሬዎቹ በአብላጫ የተወከሉበት ኮሚቴ አንድ የገበሬ ተወካይ ብቻ ይዞ ሲወስን ማለት ነው። ስለዚህ «ከአምስቱ ቢያንስ ሦስቱ የመሠረታዊ ማኅበራት ተወካዮች ሲሆኑ» የሚል ጨምሪ፤ ሁለት ብቻ የሚመጡ ከሆነም የለቀማውን ወራት ስብሰባ ለጎማና ለጌራ ወደምትቀርበው አጋሮ ውሰዱት ወይም ቀኑን ለውጡት። ሦስቱ ካልመጡ ኮሚቴው መወያየት ይችላል፣ መወሰን ግን አይችልም።

ሥልጣኑ ላይ አንድ ነገር ብቻ አደራ ልበልሽ። ናሙናውን ከመንካትሽ በፊት የዩኒየኑን መተዳደሪያ ደንብ አንብቢ። በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት የሚሠሩ ማኅበራት ቁጥጥር ኮሚቴ አላቸው፤ እሱም ተጠሪነቱ ለጠቅላላ ጉባኤው ነው። ያንቺ ኮሚቴ «ይቆጣጠራል» ብለሽ ከጻፍሽ ከእሱ ጋር ትጋጫለሽ። እያንዳንዱን ተግባር «ይወስናል»፣ «የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል» ወይም «ይከታተላል» ከሚሉት በአንዱ ዝጊ። «ያስተባብራል» የሚለውን ተዪው፤ ማን ምን እንደሚወስን ከቶ አይነግርም።

ተጠሪነቱ ለአንድ አካል ይሁን። ናሙናሽ «ለሥራ አመራር ኮሚቴውና ለሥራ አስኪያጁ» የሚል ከሆነ አንዱን ሰርዢ። እኔ ለሥራ አመራር ኮሚቴው እንዲሆን እመክራለሁ፤ የጥራት ክፍል ኃላፊው የሥራ አስኪያጁ ሠራተኛ ስለሆነ፣ ኮሚቴው ለሥራ አስኪያጁ ሪፖርት ቢያደርግ ኃላፊው ስለ ራሱ ሥራ ለራሱ አለቃ የሚጽፍ ይሆናል። ለሥራ አስኪያጁ ግልባጭ ይድረሳቸው። ቃለ ጉባኤው በ7 ቀን ውስጥ፣ ሪፖርቱ በየሩብ ዓመቱ ይሂድ፤ ጸሐፊው ማን እንደሆነም ይጻፍ፣ አለዚያ ሁሉም ሌላው ይጽፈዋል ብሎ ይቀመጣል።

ረቂቁን ስታቀርቢ የምልዓተ ጉባኤውን ቦታ ባዶ ተዪውና ከጎኑ ከመዝገብ ቤት ያወጣሽውን የመገኘት ቁጥር በአንድ ገጽ አያይዢ። ሥራ አስኪያጁ ቁጥሩን እያዩ ራሳቸው ይሙሉት፤ «ስንት ልበል?» ብለው ሲጠይቁሽ ገጹን ማሳየት ይበቃሻል።