«ልዩነት የለም» ወይስ «አልተረጋገጠም»?

ጥያቄ፦ የጥናቴን ውጤት በአማርኛ እየጻፍኩ ነው። ፒ ቫልዩ 0.15 ሲወጣ «ጉልህ ልዩነት የለም» ብል ያስኬዳል? የውጤቱን መጠንና የመተማመኛ ክልሉንስ በቃላት እንዴት ልግለጽ?

መልስ፦ «ጉልህ» የምወደው ቃል ነው፤ ያለቦታው ሲገባ ዝም ማለት አልችልም። የ«ጎላ» ዘመድ ነው። መጨረሻው ላይ ያለችው «ህ» ከግሱ ወድቃ በቅጽሉ የቀረች የሥር ፊደል ናት፤ «ፈታ» ብለን «ፍትሕ» እንደምንለው። «አጉሊ መነጽር»ም ከዚሁ ቤት ነው። ሁሉም የሚያወሩት ስለሚታይ፣ ስለ ትልቅ ነገር ነው። ፒ ቫልዩ ግን ትልቅነትን አይለካም። ምንም ልዩነት ባይኖር ኖሮ ይህን ያህል ወይም ከዚህ የሰፋ ልዩነት የማየት ዕድሉ ስንት እንደሆነ ብቻ ይናገራል። የተሳታፊው ቁጥር እጅግ ሲበዛ ኢምንት ልዩነትም ትንሽ ፒ ቫልዩ ያወጣል።

«ቃሉ ሙያዊ ትርጉም ይዟል፣ አበቃ» የሚሉኝ አሉ። በጥናት ጽሑፎች ውስጥ ሥር መስደዱን አልክድም። ካልቀረ «በስታቲስቲክስ ጉልህ» ይበሉ። እኔ ግን አሁንም «ጉልህ»ን ለመጠን ብቻ ባስቀረው ደስ ይለኛል።

ከ«ጉልህ» ይልቅ የሚያሳስበኝ «የለም» ነው። በአሜሪካ ሐኪሞች ላይ የተደረገውንና በ1989 እ.ኤ.አ. ሙሉ ውጤቱ የወጣውን የአስፕሪን ጥናት ይውሰዱ። 22,071 ወንድ ሐኪሞች ገሚሶቹ አስፕሪን፣ ገሚሶቹ ማስመሰያ ክኒን ለአምስት ዓመት ያህል ወሰዱ። የልብ ድካም (ድንገተኛው) በአስፕሪን ወሳጆቹ 139፣ በሌሎቹ 239 ሆነ። ስትሮክ ግን 119 ለ98 ነበር፤ የስጋቱ ንጽጽር 1.22፣ ክልሉ ከ0.93 እስከ 1.60፣ ፒ ቫልዩውም የእርስዎው 0.15። እዚህ ላይ «ልዩነት የለም» ብንል አንባቢው አስፕሪን ለስትሮክ ምንም አያደርግም ብሎ ይሄዳል። ክልሉ የሚለው ሌላ ነው። ስጋቱ በ7 ከመቶ ቀንሶም፣ በ60 ከመቶ ጨምሮም ሊሆን ይችላል፤ መረጃው ሁለቱንም አይጥልም። «የለም» ልዩነቱን ይክዳል፤ «አልተረጋገጠም» ግን የማስረጃውን ማነስ ይናገራል።

እኔ ብሆን እንዲህ እጽፋለሁ፦

«ከአስፕሪን ወሳጆቹ ከሺህ ወደ 11፣ ከሌሎቹ ወደ 9 ሰዎች ስትሮክ ደረሰባቸው። ስጋቱ በአስፕሪን ወሳጆቹ በ22 ከመቶ ከፍ ያለ ነው (የ95 ከመቶ የመተማመኛ ክልል፦ ከ0.93 እስከ 1.60፤ p = 0.15)። ክልሉ ጥቂት መቀነስንም ብዙ መጨመርንም ስለሚያካትት አስፕሪን ስትሮክን ይጨምር ወይም ይቀንስ እንደሆነ አልተረጋገጠም።»

ከሺህ የተቆጠረው እንዳይቀር። «22 ከመቶ» ብቻውን ሲቆም ያስደነግጣል፤ ከሺህ ሁለት ሰው መሆኑ ሲታይ ግን ነገሩ ልኩን ይይዛል። ደግሞም «እውነተኛው ቁጥር 95 ከመቶ ዕድል እዚህ ውስጥ ነው» አይበሉ። 95 የዘዴው ቁጥር ነው፦ ጥናቱ በዚሁ መንገድ ደጋግሞ ቢሠራ፣ ከሚወጡት ክልሎች 95 ከመቶው እውነተኛውን ቁጥር ይይዛሉ።