ራሱን የቻለ ሳምንታዊ አጭር ቪዲዮ፦ የሀዋሳው የአሞራ ገደል ገበያ ዓሣ እንደ ምሳሌ (ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ፣ ከሀዋሳ፦ ስለ ሐይቃችን ዓሣ በየሳምንቱ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ልጀምር ነው። ያለፈውን ያላየ ሰው አዲሱ እንዲገባው ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከርዕስ ሳይሆን ከጥያቄ ተነስ። «የሀዋሳ ሐይቅ ዓሣ» ርዕስ ነው፤ መጨረሻ ስለሌለው አንዱ ክፍል ሌላውን እየጎተተ ይሄዳል። «ቆሮሶው ትኩስ መሆኑን በምን አውቃለሁ?» ግን ጥያቄ ነው። መልሱ ሲገኝ ቪዲዮውም አለቀ።

ከዚያ የተከታታዩን ቅርጽ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፈው፦ ዓሣ ገዢ የሚጠይቀውን አንድ ጥያቄ፣ ዓሣ ሻጭ በእጁ እያሳየ ይመልሳል። የማይለወጡት ነገሮች ጥያቄው የሚቀርብበት መንገድ፣ የካሜራው ርቀት፣ የጽሑፉ ቦታና ቀለም፣ የመዝጊያው ቃል ናቸው። የሚለወጡት ጥያቄውና የሚመልሰው ሰው ብቻ ናቸው። ብዙ ነገር በየሳምንቱ ከተለዋወጠ ተመልካቹ ቪዲዮው የአንተ መሆኑን አይለይም። ሁሉም አንድ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ያየውን መልሶ ያየ ይመስለዋል።

ካሜራ ሳትነካ 12 ጥያቄ በየወረቀቱ ጻፍ። 12 ካልሞላልህ ቅርጹ ጠብቧል ማለት ነው፤ «ዓሣ ገዢ» የሚለውን «ዓሣ አብሳይ»ንም እንዲጨምር አስፋው። ሲሞላ ወረቀቶቹን በውዝና 9ኛው መጀመሪያ ቢወጣ ይገባ እንደሆነ እይ። ካልገባ ጥያቄው የተደገፈበት ሌላ ነገር አለ። «ለጉላሽ የትኛው ክፍል ይሻላል?» ተመልካቹ ፊሌቶ እንዴት እንደሚወጣ ያውቃል ብሎ ከጀመረ ወድቋል። ሻጩ ሥጋውን ከአጥንቱ ሲለይ 4 ሰከንድ ብታሳይ ግን ይድናል።

ጥያቄ፣ ከአዳማ፦ እኛ ጋ ሐይቅ የለም፣ እኔ ያለኝ የሴቶች ፀጉር ቤት ነው። ደንበኞቼን ከመሠራታቸው በፊትና ከተሠሩ በኋላ እያሳየሁ ብለቅ ያው አይደለም ወይ?

መልስ፦ እህቴ፣ ሐይቁ ምሳሌ ነው፤ ቅርጹ ለአንቺም ይሠራል። በፊትና በኋላ ማሳየት ራሱን ይችላል፣ ልክ ነሽ። ችግሩ አምስተኛው ላይ ይመጣል፦ ሰው የሚያየው ያው ቆንጆ ፀጉር ስለሚሆን የሚወስደው አዲስ ነገር አያገኝም። እዚያው ላይ አንድ ጥያቄ ጨምሪ። «ሹሩባ ከተሠራሁ በኋላ ግንባሬ ላይ ፀጉሬ የሚሳሳው ለምንድን ነው?» ብለሽ ጀምሪና በጣም የጠበቀው ጉንጉን ሥሩን እንዴት እንደሚወጥረው፣ ላላ ብሎ ሲሠራ ምን እንደሚመስል ጎን ለጎን አሳዪ። ከተሠራ በኋላ የሚታየው ፀጉር ያኔ መልስ ይሆናል።

ጥያቄ፣ ከሀዋሳ፦ ያንን የቆሮሶ ጥያቄ በ60 ሰከንድ እንዴት ታካፍለዋለህ? እኔ ሰላምታና መግቢያ ስጨምር ሁልጊዜ ያልቅብኛል።

መልስ፦ ሰላምታውን ተወው። የመጀመሪያዎቹ 3 ሰከንዶች የጥያቄው ናቸው፤ ዓሣው ፍሬሙን ሞልቶ ይታይ፣ ጥያቄው በድምፅም በጽሑፍም ይቅረብ። ከሰከንድ 3 እስከ 8 ሻጩና ቦታው ይታያሉ፦ ጀልባዎቹ፣ ጠረጴዛው፣ ከኋላ የቆሙት አባ ኮዳ የሚባሉት ወፎች። «አሞራ ገደል» የሚለውን በጽሑፍ አስቀምጠው፤ መናገር አያስፈልግም።

ከ8 እስከ 45 መልሱ በሦስት የእጅ ሥራ ይሰጣል። ሻጩ መጀመሪያ ዓይኑን ያሳያል፤ ጥርት ብሎ ወጣ ያለ ነው ወይስ ደፍርሶ ገብቷል? ከዚያ ከጭንቅላቱ ጎን ያለውን ክዳን ይገልጣል፤ ውስጡ ደማቅ ቀይ መሆን አለበት፣ ቡናማ ከሆነ ቆይቷል። በመጨረሻ ጎኑን በጣቱ ይጫናል፤ የትኩሱ ሥጋ ተመልሶ ይሞላል፣ የቆየው ጎድጉዶ ይቀራል። ለእያንዳንዱ 12 ሰከንድ ያህል ይበቃል። የጣቱን ነገር ሳትቆርጥ አሳይ፤ ሥጋው ሲመለስ ወይም ሳይመለስ ሲቀር ካልታየ ቃሉ ብቻ አያሳምንም።

ከ45 እስከ 55 ትኩሱና የቆየው ጎን ለጎን ይታያሉ። የቀረው 5 ሰከንድ በየሳምንቱ ለማይለወጠው መዝጊያ ነው። ንግግሩን ጽፈህ ከፍ ባለ ድምፅ አንብብና በሰዓት ለካው፤ በልብ ሲነበብ ሁሌም አጭር ይመስላል።

ጥያቄ፦ ክፍል 1፣ ክፍል 2 ብሎ ቁጥር መስጠት ነው የሚያዋጣው። ሰው ክፍል 3ን ሲያይ 1ንና 2ን ፈልጎ ይሄዳል። ለምን አልጠቀስከውም?

መልስ፦ ቀጣይነት ላለው ታሪክ እውነት ነው። ቲክቶክም ሆነ የዩቲዩብ ሾርትስ ግን ቪዲዮውን በቅደም ተከተል አያቀርቡም፤ ተመልካቹን 7ኛው መጀመሪያ ሊደርሰው ይችላል። «ክፍል 7» የሚለውን ሲያይ ስድስት ያመለጡት መስሎት የሚያልፍ ሰው አለ። ቁጥሩን በፋይሉ ስም ላይ ለራስህ ያዘው፣ ለተመልካቹ ርዕሱ ጥያቄው ይሁን። ያልከው መልካም ጎን በአጫዋች ዝርዝር ይገኛል፦ አንዱን የወደደ ሰው ሌሎቹን አንድ ላይ ያገኛቸዋል።

ጥያቄ፣ ከሀዋሳ፦ በሳምንት አንድ ቀን መቅረጽ አይመቸኝም። የወሩን አራቱን በአንድ ጠዋት ብቀርጽስ?

መልስ፦ ይቻላል፣ ብዙ ሰውም እንደዚያ ነው የሚሠራው። አደጋው ንግግሩ ላይ ነው። ሦስተኛውን ስትቀርጽ ሻጩ ሳያስበው «ቅድም እንዳልኩህ» ይላል፤ ያቺ አንዲት ቃል ክፍሉን ከሌላው ጋር አሠረችው። በአርትዖት ከመፈለግ እዚያው ስትሰማ አስቁምና አስደግም። «ዛሬ»፣ «ባለፈው»፣ «በሚቀጥለው ሳምንት» የሚሉትንም እንዲሁ። ዋጋም በድምፅ አይነገር፤ የአንድ ኪሎ ፊሌቶ ብር ሲለወጥ ቪዲዮው ያረጃል። ከቪዲዮው በታች በአስተያየት ብትጽፈው ሲለወጥ አጥፍተህ አዲሱን መጻፍ ትችላለህ።

አራቱም በብርሃን እንዲመሳሰሉ ሰዓቱን ጠብቅ፤ ጠዋት ጀምረህ እኩለ ቀን ከደረስክ የዓሣው ቆዳ እያንጸባረቀ ዓይኑ አይለይም። ቤት ውስጥ በመብራት ከሆነ የአገራችን ኃይል 50 ኸርዝ ስለሆነ በሰከንድ 25 ፍሬም፣ በ1/50 ሰከንድ ሹተር ቅረጽ፤ አለበለዚያ ምስሉ ሊርገበገብ ይችላል።

የሚለቀቅበትን ቀን በተመለከተ፣ ለዓሣ ማክሰኞ ማታን እመርጣለሁ። በጾም ቀን ዓሣ የሚበላ ሰው ረቡዕ ጠዋት ገበያ ሲወጣ መልሱን ይዞ ይወጣል።

ጥያቄ፦ ሻጮቹ አንዳንዴ የሚናገሩት በሲዳምኛ ነው። ሁልጊዜ እኔ ልተርጉም ወይስ አንድ ቋሚ አቅራቢ ይኑር?

መልስ፦ በቋንቋቸው ይናገሩ፣ አማርኛውን በጽሑፍ አድርገው። ጽሑፉን ከታችኛው ጫፍና ከቀኙ አርቀህ ከመሃል ትንሽ ዝቅ አድርግ፤ ታችና ቀኝ በመተግበሪያው ጽሑፍና ቁልፎች ይሸፈናሉ። በአንድ ጊዜ ከሁለት መስመር አይብለጥ።

የቋሚ አቅራቢው ነገር ግን ያከራክራል። አንድ ፊት ከኖረ ተመልካቹ ቶሎ ይለያችኋል፤ ያ ሰው በታመመ ሳምንት ደግሞ ተከታታዩ ይቆማል። እኔ ፊቱን ትቼ ድምፁን ብቻ ቋሚ ማድረግ ይሻላል እላለሁ፣ ጥያቄውን ሁሌ አንድ ድምፅ ይጠይቅ። በአንድ ቋሚ ፊት ቀጥሎ የተሳካለት ካለ ተመልካቾች ከስንተኛው ክፍል ጀምሮ እንደለዩት ቢነግረን ደስ ይለኛል።