«ድጋፍ» ብዬ የተረጎምኩት ደብዳቤ

ባለፈው ሳምንት አንድ የኮምቦልቻ ልጅ ደውሎ «ጋሼ፣ የድጋፍ ደብዳቤ በፋርስኛ ምን ይባላል?» አለኝ። ኢራን ላስተማሩት ፕሮፌሰር ኢሜይል ሊጽፍ ነው። መልሱን ነግሬው ስልኩን ዘጋሁ። ያን ቀን ግን ሌላ ሥራ እጄ አልገባም።

በ2005 ዓ.ም. ደሴ ፒያሳ የትርጉም ሥራ የምሠራባት ጠባብ ክፍል ነበረችኝ። ጥር መጀመሪያ ላይ ኢራን ተምራ የተመለሰች አንዲት ልጅ መጣች። ፋርስኛው ለጨዋታም ለትምህርትም አያንሳትም። ግን የሚነገረውና የሚጻፈው ፋርስኛ ለየቅል ነው፤ በአፍ «ሚኻም» የምትለው «እፈልጋለሁ» በጽሑፍ «ሚኻሃም» ይሆናል፤ ለፕሮፌሰር ሲሆን ደግሞ እሱም ደረቅ ነው። ስለፈራች በአማርኛ ጽፋ አመጣችልኝ፤ ሙሉ ሁለት ገጽ። የፕሮፌሰሩን ጤና፣ የባለቤታቸውን ጤና፣ የጦሳን ብርድ ሳይቀር አትታለች። ጉዳዩ ከሥር ነው፦ «የድጋፍ ደብዳቤ እንዲጽፉልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ፤ እስከ ጥር 30 ነው የሚፈለገው።» የዛሬ ልጆች «ሰላም ፕሮፍ፣ ሪኮመንደሽን ፈልጌ ነበር» ብለው ስለሚልኩ ያንን ወረቀት ሳስበው ደስ ይለኛል። የዚያን ዕለት ግን ርዝመቱ አበሳጭቶኝ ነበር። ስቸኩል ነው የሳትኩት።

«ድጋፍ» የሚለውን «ሄማያት» አልኩት፤ ደብዳቤውም «ናሜዬ ሄማያት» ሆነ። ቃሉ በራሱ ስህተት የለበትም፣ ሄማያት ድጋፍ ነው። ፋርስኛ ተናጋሪ ግን ተማሪ ከመምህሩ ሄማያት ጠየቀ ሲባል ኪሱን ወይም ከለላውን ያስባል። እኛ ቀበሌ ሄደን የምናጽፈው የድጋፍ ደብዳቤ እነሱ ዘንድ «ሞአሬፊናሜ» ለሚሉት ይቀርባል፤ መሥሪያ ቤት አንድን ሰው ለሌላ መሥሪያ ቤት የሚያስተዋውቅበት ነው። መምህር ስለ ተማሪው ችሎታ የሚመሰክርበት ደግሞ «ቶውሲዬናሜ» ይባላል። የእኛ «ድጋፍ» ሦስቱንም ይሸፍናል። ልጅቷም አንብባው ነበር፤ አልጎረበጣትም። በሁለታችንም ጭንቅላት ውስጥ ያለው አማርኛው ነዋ!

መልሱ በሦስተኛው ቀን መጣ። ፕሮፌሰሩ በጣም በጨዋ ቋንቋ፣ ለተመራቂዎች የገንዘብ ድጋፍ የማድረግ አቅም ስለሌላቸው ማዘናቸውን ጽፈዋል። እኔ ሳነበው ወዲያው ገባኝ። እሷ ግን ኢራን ኖራለች፣ «ታዓሮፍ» የሚሉትን ታውቃለች፤ ሰው እምቢ ሳይል እምቢ የሚልበትን የአክብሮት ወግ። ሰውየው ሆን ብለው ያልገባቸው መስለው የሸኟት መሰላት። «እሺ፣ አልፈለጉም ማለት ነው» አለችና ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። «ሌላ መምህር ሞክሪ» አልኳት። የኔ ቃል ነው ያጠፋው አላልኳትም።

ለኮምቦልቻው ልጅ በኋላ መልሼ ደውዬ አረፍተ ነገሩን አስጻፍኩት፤ ያኔ መጻፍ የነበረብኝን፦ «ኻሄሽማንዳም ዳር ሱራቴ ኤምካን ቶውሲዬናሜኢ ባራዬ ባንዴ ማርቁም ፋርማዪድ።» የሚቻል ከሆነ የምስክርነት ደብዳቤ ቢጽፉልኝ፣ ማለት ነው። «ፋርማዪድ» ሥሩ ማዘዝ ነው፤ ለትልቅ ሰው «ይጻፉ» ሳይሆን «መጻፍን ይዘዙ» እንደማለት። «ባንዴ» ደግሞ «እኔ» ለማለት የሚገባ ነው፣ ትርጉሙ ግን ባሪያ ነው። ልጁ «ጋሼ፣ ባሪያዎ ልበል?» ብሎ ሳቀ። በአማርኛ ብትለው ያስቃል፣ እዚያ ግን ማንም ልብ አይለውም። እኛ «እርስዎ» ብለን ሰውየውን ከፍ እናደርጋለን፤ ፋርስኛ በዚያ ላይ ራስህንም ዝቅ ያደርግሃል።

መክፈቻው ላይም ተከራከርን። «ኦስታደ ጌራሚ» በል ስለው፣ ኡስታዝ የመስጊድ ነው አለኝ። ወሎ ላደገ ሰው እውነቱን ነው። ቃሉ ግን ወደ ዐረብኛ የገባው ከፋርስ ነው፤ እዚያም እስከ ዛሬ የዩኒቨርሲቲ መምህር መጠሪያ ነው። የጤና ጥያቄውን ሁሉ ደግሞ «ባ ሳላም ቫ ኤህቴራም»፣ ከሰላምታና ከአክብሮት ጋር፣ በሚለው አንድ መስመር ተካሁት። ለፋርስኛ የሥራ ደብዳቤ ይበቃል።

ቀኑን ጠየቅሁት፤ እንደሷ በኛ አቆጣጠር ጽፎታል። ያኔ የሷን ጥር 30 ሳልነካው ነበር ያለፍኩት። በነሱ ባህማን 19 ቀን 1391 ነበር፤ ፕሮፌሰሩ ጉዳዩ ቢገባቸው እንኳ መቼ እንደሚያልቅ አያውቁም ነበር።

ልጅቷ አሁን እዚሁ ደሴ ታስተምራለች፤ አልፎ አልፎ መንገድ ላይ እንገናኛለን። ባለፈው ወር ሰላም ብላኝ ስታበቃ፣ ለተማሪዎቿ የድጋፍ ደብዳቤ መጻፍ እንደሰለቻት አጫወተችኝ። «ግን እምቢ አልልም፣ ጋሼ» አለችኝ።