ሥዕለ አድኅኖና መስገጃ በአንድ ሳሎን

ጥያቄ፦ መምህር፣ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ ባለቤቴ ሙስሊም ነው። የምንኖረው አዲስ አበባ፣ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። የእመቤታችንን ሥዕል ሳሎን ከቴሌቪዥኑ በላይ ሰቅያለሁ፤ እሱ የሚሰግደውም ወደዚያው ግድግዳ ዞሮ ነው። ለዒድ ቤተሰቦቹ ሲመጡ ሥዕሉን አውርጄ ቁም ሣጥን ውስጥ ከተትኩት፤ ከዚያ ወዲህ ኅሊናዬ ይወቅሰኛል። እሱ ደግሞ «ለገና ዛፍና መብራት ታቆሚያለሽ፣ ለኔ በዓል ግን ቤቱ ባዶ ነው» ይለኛል። ለበዓሉ ቤቱን ባስጌጥለት ኃጢአት ይሆንብኛል?

መልስ፦ እኅቴ፣ ቤት ማስጌጡ ኃጢአት አይሆንብሽም። ቤተ ክርስቲያናችን እንዲህ ያለውን ጋብቻ በተክሊልና በቁርባን እንደማትፈጽም ታውቂያለሽ፤ የቅዱስ ቁርባኑን ነገር ለንስሐ አባትሽ አቅርቢ። አብሮ መኖሩን በተመለከተ ግን ቅዱስ ጳውሎስ ያላመነ ባል ከሚስቱ ጋር ሊኖር ከተስማማ አትተወው ይላል (1ኛ ቆሮ. 7፥13)። አብሮ መኖር ካለ ደግሞ ግድግዳም መጋራት አለ።

ከግድግዳው ልጀምር፣ ምክንያቱም ጠባችሁ የመጣው ከሥዕሉ ሳይሆን ከተሰቀለበት ቦታ ይመስለኛል። እኛ የምንጸልየው ወደ ምሥራቅ ነው። መካ ደግሞ ከአዲስ አበባ ሲታይ በቀጥታ ወደ ሰሜን ነው ማለት ይቻላል፣ ወደ ምሥራቅ የሚያዘነብለው በጥቂቱ ነው። እንግዲህ እሱ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞሮ የሚሰግድ ከሆነ ያ ግድግዳ ሰሜን ነው፤ አንቺም እስካሁን ስትጸልዪ የኖርሽው ወደ ሰሜን ነው ማለት ነው። ጠዋት ፀሐይ የምትገባበትን ጎን አይተሽ ሥዕሉን ወደዚያ አዛውሪው። ምሥራቁን መስኮት ከያዘው፣ ምሥራቅና ደቡብ የሚገናኙበት ማዕዘን ይበቃል። ያን ጊዜ ሥዕሉ ከፊቱ ተነሥቶ በቀኙ፣ ምናልባትም ከኋላው ይሆናል። አንቺም ሥዕሉን ከዜናና ከድራማ በላይ መስቀሉ ይቀርልሻል፤ እሱ ሙስሊም ባይሆንም ኖሮ ቴሌቪዥን የሥዕለ አድኅኖ ጎረቤት ባይሆን እመርጥ ነበር።

ብዙ ሙስሊሞች ግን ሥዕሉ ከፊታቸው ባይሆንም፣ ሥዕል ባለበት ክፍል መስገድ ይከብዳቸዋል። ለዚህ ከራሳችን ሥርዓት መፍትሔ አለ፤ መጋረጃ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕላት በመጋረጃ ይሸፈናሉ፤ ይህም ለክብር ነው። አንቺም ንጹሕ መጋረጃ አድርጊለት፤ ስትጸልዪ ትከፍቺዋለሽ፣ ሲሰግድ ወይም እንግዳ ሲመጣ ትዘጊዋለሽ። መዝጋት መካድ አይደለም። ኅሊናሽን የወቀሰው ከልብስ ጋር ቁም ሣጥን መግባቱ ነው፣ በዚህ ወቀሳውን አልቃወመውም። መጋረጃው ካልበቃው መስገጃ ይታጠፋልና መኝታ ቤት መስገድ ይችላል፤ ሥዕል ግን ከክፍል ክፍል ባይዞር ይሻላል። ይህን ግን በትእዛዝ ሳይሆን በምክክር አድርጊው።

የጸሎት ቦታ እንዲህ በቋሚነት ከተወሰነ፣ ተራ የሚገባው ለበዓል ጌጥ ብቻ ነው። የገና ዛፍ ከቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት የመጣ አይደለም። ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ዋዜማ ጾመ ነቢያት ላይ ነን፤ ብዙ ቤት ዛፉ የሚበራው በጾሙ መካከል ነው። ስለዚህ አንዱን ነገር ልተውለት ካልሽ ከዛፉ ጀምሪ፣ ከሃይማኖትሽ ምንም አይጎድልም። ካልሆነም ከዋዜማው እስከ ማግስቱ ይቁም፤ ለዒድም እንደዚሁ ከዋዜማው እስከ ማግስቱ መብራቱ የእሱ ይሁን። ቄጤማ በሙስሊም ቤቶችም ለዒድ ሲጎዘጎዝ እናያለን፤ ለሁለታችሁም በዓል ጎዝጉዙት። በቀዳም ሥዑር ከካህን እጅ የምትቀበዪውን ቄጤማ ብቻ ከመሬቱ አታደባልቂው፣ እሱን ከሥዕሉ አጠገብ አኑሪው።

ለበዓሉ ምንጣፍ ማጠብ፣ መብራት መስቀል፣ ቡና ማፍላት የሚስትነት ፍቅር ነው። የቁርኣን ጥቅስ ያለበት ፍሬም ካለው ግን በሰሜኑ ግድግዳ ራሱ ይስቀለው፤ ከሥዕሉ ጋር በአንድ መደርደሪያ ማኖር እናንተን ማስታረቅ ቢመስልም ሁለቱንም ወገን ያስከፋል። አብሮ መስገድ ደግሞ አምልኮ ነው፤ ከእሱ ትቆጠቢያለሽ።

በዓሉ በጾምሽ ላይ ሊውል ይችላል። በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ተጀምሮ ዒድ አል ፈጥር መጋቢት 21 ዋለ። እንዲህ ሲሆን የጌጡ መብራት ጾምሽን አይሽረውም፤ ለእንግዶቹ አቅርበሽ አንቺ የጾም ምግብሽን ትበያለሽ፣ አማቶችሽም ይህን አስቀድመው ከልጃቸው ቢሰሙ ጥሩ ነው።

ባለቤትሽ ከቦታው ለውጥና ከመጋረጃው በኋላም «ሥዕሉ ከቤት ይውጣ» ካለ፣ ያ የማስጌጥ ጉዳይ አይደለም፤ ለብቻሽ አትመልሺለት፣ ከንስሐ አባትሽ ጋር ሆናችሁ አነጋግሩት።