የእምቦጭ ካርታና የጠፉ ፒክስሎች፦ ጥያቄና መልስ

ከሽምብጥ፦ ጋሼ፣ ከሴንቲኔል 2 ሳተላይት ምስል ባወጣሁት የእምቦጭ ካርታ ላይ ኦፕኒንግ ስሠራ ስፋቱ ቀነሰብኝ። ነጠብጣቡን ብቻ ያጠፋል አልነበር?

መልስ፦ ኤለመንትህ፣ ማለትም ምስሉ ላይ የምታንሸራትተው ትንሽ ቅርጽ፣ ምን እንደሆነ ሳትጽፍ ምን ብዬ ልመልስልህ? ስንቴ ልበል! ለማንኛውም ይህን እንይ፤ 1 እምቦጭ፣ 0 ውሃ ነው።

```
0000000
0111100
0111101
0111100
0000000
```

ኦፕኒንግ መጀመሪያ የሚሸረሽር ኢሮዥን፣ ከዚያ የሚያሰፋ ዳይሌሽን ነው። ኤለመንቱ ሦስት በሦስት ሙሉ ካሬ ከሆነ፣ ኢሮዥኑ የሚያስተርፈው ካሬው ሙሉ በሙሉ 1 ላይ የሚያርፍበትን መሃል ብቻ ነው። እዚህ ከሦስተኛው ረድፍ 3ኛውና 4ኛው ፒክስል ይተርፋሉ። ዳይሌሽኑ ሁለቱን ሲያሰፋቸው 12ቱ ተመልሰው ይመጣሉ፤ ቀኝ ጠርዝ ላይ ያለው ብቸኛ ፒክስል ግን ዘር ስላልቀረለት ጠፍቶ ይቀራል። በመስቀል ከሠራህም የሚተርፉት እነዚያው ሁለቱ ናቸው፤ ነገር ግን መስቀል ማዕዘን ስለማይደርስ 12ቱ 8 ሆነው ይመለሳሉ። በ10 ሜትር ፒክስል 400 ካሬ ሜትር ሄደ ማለት ነው። `scipy.ndimage` ኤለመንት ካልሰጠኸው የሚይዘው መስቀሉን ነው።

ከጎርጎራ፦ ኦፕኒንጉን ቢደጋግመው ይጠራለታል። እኔ `iterations=2` ስል ተለውጦልኛል።

መልስ፦ መለወጡ እውነት ነው፣ መድገም ግን አይደለም። በዚያው ኤለመንት ኦፕኒንግን ብትደግም ምንም አይለወጥም። `iterations=2` ሁለት ኢሮዥን፣ ከዚያ ሁለት ዳይሌሽን ነው፤ ከላይ ያለውን ክምር ጨርሶ ያጠፋዋል።

ከዘጌ፦ እኛ ዳር ያለውንስ እምቦጭ በምን እናጥፋው?

መልስ፦ እዚህ የምናጠፋው ፒክስል ነው።

ከሽምብጥ፦ እሺ፣ በሦስት በሦስት ካሬ ክሎዚንግ ሠራሁ። 1ዎቹ 13 ነበሩ፣ አሁንም 13 ናቸው። ምንም አልሠራም ማለት ነው?

መልስ፦ አሁን ጥሩ ጠየቅህ፤ ኤለመንቱንም ጻፍክ። ሠርቷል፤ ያሳሳተህ ድምሩ ነው። ዳይሌሽኑን አስቀድሞ ኢሮዥኑን የሚያስከትለው ክሎዚንግ በክምሩና በብቸኛው ፒክስል መካከል ያለውን ክፍተት ሞልቷል፤ አንድ ተጨመረ። ኢሮዥኑ ሲከተል ደግሞ `scipy` ከምስሉ ውጭ ያለውን ሁሉ 0 አድርጎ ስለሚቆጥር ጠርዙ ላይ ያለውን ፒክስል በላው። ክሎዚንግ የነበረ 1 መቀነስ የለበትም፤ ከቀነሰ ጠርዙን ጠርጥር። መጀመሪያ ዙሪያውን በ0 አስፋ፣ በኋላ ቁረጠው፦

```
p = np.pad(a, 1)
c = binary_closing(p, np.ones((3,3)))[1:-1, 1:-1]
```

አሁን 14 ታገኛለህ። ድምር ብቻ አትዩ፤ `c & ~a` የተጨመረውን፣ `a & ~c` የጠፋውን ያሳያችኋል። ሁለተኛው ባዶ መሆን አለበት።

ከጎርጎራ፦ ያ ብቸኛ ፒክስል እኮ ነፋስ የገፋው እውነተኛ እምቦጭ ሊሆን ይችላል። 100 ካሬ ሜትር ዝም ብሎ ይጠፋል?

ከፖሊ፦ ጀልባም ሊሆን ይችላል።

ከጎርጎራ፦ ጀልባ እንዲህ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል?

መልስ፦ ኤለመንቱ መጠንና ቅርጽ እንጂ እምቦጭና ጀልባ አይለይም። ከኦፕኒንግ በፊት ያለውን ካርታ አትሰርዙ፤ የጠፉትን ለብቻ አስቀምጡና ከሚቀጥለው ምስል ጋር አስተያዩ።

ከጎርጎራ፦ እስከዚያ ነፋሱ ወስዶት ቢሆንስ?