አዲሱ ዳታ በአሮጌው ላይ ከመጻፉ በፊት

ጥያቄ፦ «የወሎ ገበያዎችን የእህል ዋጋ በየማለዳው በስክሪፕት እያወረድኩ ደሴ ሆኜ በዳሽቦርድ አወጣለሁ። ባለፈው ሳምንት ስክሪፕቱ ያለ ስህተት ጨረሰ፤ ዳሽቦርዱ ላይ ግን የባቲ ማሽላ ጠፍቶ፣ የኮምቦልቻው ኩንታል 52 ብር ሆኖ አገኘሁት። ከመውጣቱ በፊት እንዴት ልያዘው?»

መልስ፦ ስክሪፕቱ ያለ ስህተት የሚጨርሰው ምላሽ ስለደረሰው ብቻ ነው፤ የምላሹን ሙሉነት አያይም። ስለዚህ የወረደውን ዳታ ዳሽቦርዱ በሚያነበው ፋይል ላይ በቀጥታ አይጻፉ፤ `new.csv` በሚል ስም ለብቻው ያስቀምጡትና ሲጣራ ብቻ ይተኩት።

ጉድለትን ለመያዝ የረድፍ ብዛት መቁጠር አይበቃም፤ አንድ ገበያ ጎድሎ ሌላው ሁለት ጊዜ ከተመዘገበ ድምሩ ያው ነውና። መምጣት የነበረበትን የገበያ፣ የእህልና የቀን ዝርዝር አስቀድመው ያዘጋጁ። የባቲ ገበያ የሚውለው ሰኞ በመሆኑ የማክሰኞው ባዶነት ጉድለት አይደለም፤ የሰኞው ግን ነው። ከዚያ የደረሰውን ከሚጠበቀው ይቀንሱ፦

```python
import os

missing = expected - received
if missing or suspects:
    raise SystemExit(1)
os.replace("new.csv", "live.csv")
```

ሁለቱም ስብስቦች ቀኑን በአንድ የዘመን አቆጣጠር መያዝ አለባቸው፤ አለዚያ ሁሉም የጎደለ ይመስላል። በስክሪፕትዎ ውስጥ `fillna(0)` ካለ ያውጡት፤ ያልተመዘገበ ዋጋ ዜሮ ብር አይደለም። ብዙ ገበያ በአንድ ጊዜ ጠፍቶ የረድፉ ብዛት ልክ 100 ወይም 500 ከሆነ ደግሞ፣ ስክሪፕቱ የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ አውርዶ መቆሙን ይጠርጥሩ።

በኮዱ ውስጥ `suspects` የሚይዘውን ድንገተኛ ለውጥ በተመለከተ፣ አዲሱን ዋጋ ላለፉት ስምንት የገበያ ቀናት መካከለኛ ዋጋ ያካፍሉ። ይህም ስምንቱ በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሃል ላይ የሚውሉት የሁለቱ አማካይ ነው። የስምንቱን አማካይ አልመክርም፤ ሰባቱ 5,200 ሆነው አንዱ በስህተት 52 ቢሆን አማካዩ ወደ 4,556 ይወርዳል፣ መካከለኛው ግን ከ5,200 አይነቃነቅም። የኮምቦልቻው መካከለኛ 5,200 ነው ብንል፣ 52 ሲካፈልለት 0.01 ይሰጣል፤ አንድ ኩንታል 100 ኪሎ ስለሆነ፣ መዝጋቢው የኪሎውን ዋጋ በኩንታሉ ቦታ መጻፉን ያመለክታል። ሆኖም ስክሪፕቱ በራሱ በ100 እንዲያባዛ አያድርጉ፤ ለመዝጋቢው ደውለው ያረጋግጡ።

6,900 ቢመጣ ግን ነገሩ ይለያል። የሐይቅና የደሴ ማሽላም አብሮ ከወጣ ገበያው ራሱ ተወዷል ማለት ነው፤ ኮምቦልቻ ብቻውን ከሆነ ይደውሉ። እኔ ለእህል ከመካከለኛው በ30 በመቶ የራቀውን አስቆማለሁ። ይህ ልክ ለቲማቲም ቢሠራበት በየሳምንቱ በከንቱ ያስጮኻል፤ ስለዚህ ለየምርቱ ወሰኑን ከራስዎ የቆየ ዳታ ያውጡ።

`os.replace` ሁለቱ ፋይሎች በአንድ የፋይል ሥርዓት ላይ ሲሆኑ በአንድ ጊዜ ስለሚተካ፣ አንባቢ ግማሹ የተጻፈ ፋይል አያጋጥመውም። ማጣሪያው ሲያስቆም አሮጌው ገጽ ይቆያል፤ ያን ጊዜ ዋጋው እስከ የትኛው ቀን እንደሆነ ከላይ በጉልህ ይጻፍበት፣ ለእርስዎም የጎደለውን ገበያ ስም የያዘ መልእክት ይድረስዎ።