401 እና 403፦ ቁልፉ ትክክል ሆኖ ጥሪው ሲከለከል

«የኤፒአይ ቁልፉ ትናንት ሠርቷል። ዛሬ አገልጋዩ 403 ይመልስልኛል። አዲስ ላውጣ?»

ገና አያውጡ። 401 አገልጋዩ ማንነትዎን አላረጋገጠም ማለት ነው፤ ቁልፉ አልደረሰም፣ ተሳስቷል ወይም ጊዜው አልፏል። 403 ግን ብዙውን ጊዜ ጥበቃው መታወቂያዎን አይቶ «ወደዚህ ፎቅ አይወጡም» እንደሚልዎት ነው። ቁልፍ ቢቀያይሩ ፎቁ አይከፈትም።

ፒያሳ ያለው ቢሯችን መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ራውተሩ አዲስ የአይፒ አድራሻ ይዞ ተነሣ። በአገልግሎቱ የተፈቀደው የድሮው አድራሻ ብቻ ስለነበር ጥሪው ሁሉ 403 ሆነ። እኔ ሞኙ ግማሽ ቀን ቁልፍ ስቀያይር ዋልኩ።

ሆን ብለው ከቁልፉ አንድ ፊደል ያበላሹና ይሞክሩ። 401 ከመጣ ትክክለኛው ቁልፍ ታውቆ ነበር ማለት ነው፤ ፈቃዶቹን ይመርምሩ። አሁንም 403 ከሆነ ምናልባት ቁልፉ ሳይታይ ታግደዋል፤ ከአድራሻዎ ይጀምሩ። አንዳንድ አገልግሎቶች ግን ለተሳሳተ ቁልፍም 403 ስለሚሰጡ ከቁጥሩ በታች ያለውን መልእክት ያንብቡ።